ውሃ ሳቀብኝ አሉ የተባሉት ልብስ ሰፊ

ጋሽ መርፌ ያበዱት በትርጉም ነው። በእኛ ቋንቋ ጤነኛ ነበሩ። ለቀልድ የምለው እንዳይመስላችሁ፤ ወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ ማኅተም አርፎበት፣ እኔው ራሴ በገዛ አፌ አንብቤላቸዋለሁ።

ሰውየው ልብስ ሰፊ ናቸው። እኔ ከምኖርበት ሕንጻ ሥር፣ በዳቦ ቤቱና በጫማ አዳሹ መካከል፣ ፊቱ ሱቅ ጀርባው መኖሪያ የሆነ ቤት አላቸው። የስፌት መኪናቸው መስኮቱ ሥር ናት፤ መንገደኛውን አንገታቸውን ሳያቀኑ በመነጽራቸው አናት ያዩታል። ሙያውን የተማሩት ከአጎታቸው ነው። ሚስታቸውን ቀብረዋል፤ ልጅ የላቸውም። የተሰደድንበትን ሀገር ቋንቋ የሚያውቁት ለሱሪ በሚበቃ ልክ ብቻ ነው፤ አጭር፣ ረጅም፣ ጠባብ፣ ማክሰኞ ተመለስ። ከዚያ የሚተርፈውን ኑሯቸውን በሙሉ የኖሩት በአማርኛ ነው፤ አማርኛቸው ደግሞ ተረትና ምሳሌ ካልገባበት ጨው የሌለው ይመስላቸዋል። ኮቴን ቶሎ ይስፉልኝ ብዬ ስጨቀጭቃቸው መርፌውን ከአፋቸው ሳያወጡ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሉኛል። እኔም አርፌ እቀመጣለሁ።

እኔ ደግሞ አስተርጓሚ ነኝ። ፍርድ ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ የማዘጋጃ ቤት ቢሮ፣ ሰው ከሰው የማይግባባበት ቦታ ሁሉ የሚልክ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ስለዚህ ይህን ጉዳይ ሳወራ ደሜ ቢፈላ አትፍረዱብኝ።

አሁን ስለ ወንድማቸው ልጅ። ይህ ልጅ ሥራ ፍለጋ መጥቶ ጋሽ መርፌ የላይኛውን ክፍል ሰጡት። መልከ መልካም ነው፤ ሲያወራ ይስቃል፣ ሲጠይቅ ይስቃል፣ እምቢ ሲባልም ይስቃል። ሁለቱንም ቋንቋ እንደ ውሃ ይጠጣዋል። መጀመሪያ ደብዳቤዎችህን ላንብብልህ አላቸው። ቀጥሎ ጉዳይህን ልጨርስልህ። ከዚያ «አንተ ለምን ትደክማለህ» እያለ የኋላውን በር ቁልፍ ወሰደ፤ ቆይቶ የሱቁን፤ ቆይቶ የቁም ሣጥኑን። ሁሉንም እየሳቀ ነው የወሰደው። አንድ ቀን ጋሽ መርፌ ካውያውን ሳያነሱ ረስተው የአንድ ሰውዬ እጅጌ ተቃጠለ። ሰው ነውና ይረሳል፤ እኔ በሳምንት ስንት ነገር እረሳለሁ። ልጁ ግን ያቺን እጅጌ እንደ ታቦት ይዟት ዞረ። አጎቴ አእምሮው ደክሟል፣ ለራሱ መወሰን አይችልም፣ ሞግዚት ሆኜ በስሙ ልፈርምለት ብሎ ለፍርድ ቤት አመለከተ። ከተፈቀደለት ቤቱ የጋሽ መርፌ መሆኑ በወሬ ብቻ ይቀራል። መቼ እንደሚተኙ እንኳ የሚወስንላቸው እሱ ነው።

እናም ሐኪም ተላከ። ከሐኪሙም ጋር፣ ከእኛው ድርጅት፣ «ቃል በቃል» የምንለው አስተርጓሚ ተላከ።

ስሙን እኛ ነን ያወጣንለት፤ እሱ ግን እንደ ሽልማት ነው የተቀበለው። ክራባቱን አጥብቆ፣ «አልጨምርም፣ አልቀንስም» ይላል፤ መሐላ ነው ለእሱ። አንዴ ሐኪም ቤት ውስጥ ልጇ የተለያት እናት «ሆድ ባሰኝ» ብትል፣ «ሆዴ ባሰበት» ብሎ ተርጉሞላት ሴትየዋ ለጨጓራ ምርመራ ተላከች። ሐዘኗን በመሣሪያ ሲፈልጉላት ዋሉ። እሱ ምን አለ? ቃሉ ሆድ ነው፣ እኔ ልብ ልል ነበር እንዴ አለ። እንዲህ ያለውን ሰው አታርመውም፤ ትሸሸዋለህ እንጂ።

የምርመራው ውጤት በፖስታ ሲመጣ ጋሽ መርፌ ይዘውልኝ ወጡ። ለወንድማቸው ልጅ አላሳዩትም፤ ይህችን ያህል ንቃት ያለው ሰው ነው እንግዲህ አእምሮው ደከመ የተባለው። ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው፣ «በይ የኔ ልጅ፣ ምን እንዳሉኝ ንገሪኝ» አሉኝ።

አነበብኩላቸው። ተመርማሪው ረቂቅ ሐሳብ መረዳት አይችልም ይላል። ሁሉን ነገር በቁሙ ነው የሚወስደው ይላል። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ውሃ እንደሚስቅበትና ሊወስደው እንደሚፈልግ ይናገራል፤ የሌለ ድምፅ የሚሰማ ሳይሆን አይቀርም ይላል።

ሳቄ አመለጠኝ። ቀና ስል ጋሽ መርፌ አይስቁም። እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ጣቶቻቸው የሌለ ጨርቅ ያስተካክላሉ። «ውሃ ሳቀብኝ አልኩ?» አሉኝ ቀስ ብለው። «እውነት እንዲህ ብዬ ይሆን እንዴ?»

ያን ጊዜ ነው የተናደድኩት። ሰውየው ራሳቸውን መጠራጠር ጀምረዋል። ጤነኛን ሰው ለማሳበድ ከዚህ የተሻለ መንገድ ካለ ንገሩኝ።

የሆነውን አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው፤ አንድም ሳያዛንፉ ነገሩኝ። ሐኪሙ መጀመሪያ ቀኑን፣ ከተማውን ጠየቀ፤ መለሱ። ቀጥሎ በሀገሩ ሰው ዘንድ ሕፃን ሳይቀር የሚያውቃቸውን አባባሎች እየጠራ፣ ምን ማለት ነው ይላል። እንዲህ ያለ ፈተና አለ፤ ሰው የአባባሉን ቅርፊት አልፎ ፍሬውን ማውጣት ይችል እንደሆነ የሚታይበት። ለገዛ ቋንቋው ተናጋሪ መጥፎ አይደለም። ቃል በቃል ግን አባባሉን ቆርጦ፣ «በጊዜው የተሰፋ አንድ ስፌት ዘጠኝ ያድናል፤ ምን ማለት ነው?» ብሎ ጣለላቸው። ይህንን ለማን? ዕድሜ ልኩን ሲሰፋ ለኖረ ሰው።

«እኔ ምን ልበል?» አሉኝ ጋሽ መርፌ። «ዘጠኝ የምትለዋ ከየት መጣች? እንደ ጨርቁ ነው። ደግሞም ክሩን መጨረሻው ላይ ካልቋጠርከው አንዱም ዘጠኙም ይተረተራል አልኩት። ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳቱም።»

«ወተት ሲፈስ አይለቀስም፣ ምን ማለት ነው አለኝ። ማንም አያለቅስም፣ ቶሎ መጥረግ ነው፣ ካደረ ይሸታል አልኩ። ይሄስ?»

ይሸታል እንጂ። ሐኪሙ ግን በቁሙ ወሰደው ብሎ ጻፈ። የሚታወቅ አባባል የቀረበላቸው መስሎታል። እሳቸው የሰሙት አባባል አይደለም፤ የስፌትና የጽዳት ጥያቄ ነው። አባባል አባባል መሆኑን የሚያሳውቀው ቃሉ አይደለም፤ ስንት ዘመን ሲባል መሰማቱ ነው። ያንን ትተህ ቃሉን ብቻ ካሻገርክ፣ ያሻገርከው ልብሱን ነው፤ ሰውየው ማዶ ቀርቷል።

«ውሃውስ?»

ጋሽ መርፌ ፊታቸውን አዞሩ። «ከወንድምህ ልጅ ጋር እንዴት ነው ኑሮ አለኝ። ልጁ እዚያው ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ሌባ አልለው ነገር፣ የወንድሜ ደም ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ብቻ አልኩ።»

በቃ። ይኸው ነው ሳቂው ውሃ። ገር መስሎ፣ እያጫወተ፣ ሳታስበው ጥልቁ ውስጥ የሚከትህን ሰው ነው እንዲህ የምንለው። ቃል በቃልም አስተካክሎ፣ «ውሃ ሰውን እያሳቀ ይወስዳል» ብሎ ተረጎመ። አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ሐኪሙ ደንግጦ ወደ ልጁ ዞረና፣ እውነት እንዲህ ነው ያለው ብሎ ጠየቀ። ሁለት ቋንቋ እንደ ውሃ የሚጠጣው ልጅ፣ አጎቱ ማንን እንደተናገሩ ከማንም በላይ የገባው ልጅ፣ ራሱን በሐዘን ነቅንቆ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አዎ፤ ሰሞኑን እንዲህ እያለ ነው የሚያወራው።»

አንድም ቃል አልዋሸም እኮ። ውሸታም ብርቅ አይደለም፤ እውነትን እንዲህ አድርጎ ለውሸት የሚቀጥር ግን አፈር ይብላ።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ቃል በቃልን ያዝኩት። ሻዩን እያማሰለ ነው።

«ሰውየው ያለውን ነው ያልኩት» አለኝ። «ውሃ አላለም? ማሳሳቅ አላለም? አንቺ ብትሆኚ ከየት አምጥተሽ ልትጨምሪ ነበር?»

«ሐኪሙ ምን ሰማ?»

«እሱ የሐኪሙ ጉዳይ ነው።»

«የአንተ ጉዳይማ ምንድነው? ሰውየው በአማርኛ የወንድሙን ልጅ ከሰሰ። አንተ በሌላ ቋንቋ ውሃን አስከሰስከው። ይህ አባባል ነው፣ ቃሉ ይህን ይላል፣ ሰው የሚለው ግን እንዲህ ያለ ጊዜ ነው ብለህ ለሐኪሙ ብታስታውቅ አፍህ ይጎድል ነበር? እሱ ይፈቀዳል፤ እንዲያውም ግዴታህ ነው።»

ሻዩን አፉ ላይ አድርሶ መልሶ አወረደው። የምር ያሰበ መስሎኝ ነበር፤ ሻዩ አቃጥሎት ነው።

ጋሽ መርፌ ድጋሚ ይታይልኝ ብለው አመለከቱ፤ እኔ ጻፍኩላቸው፣ እሳቸው ፈረሙ። ሌላ ሐኪም ተመደበች፤ ሸምገል ያለች፣ ጥያቄ ጠይቃ መልሱን የምትጠብቅ ዓይነት ሴት። ሰውየውን አውቃቸዋለሁ፣ ጎረቤቴ ናቸው ስላት፣ እንግዲያው አንቺ አታስተረጉሚም አለች። ትክክል ነች። ድርጅቱ ደግሞ ሌላ ነፃ ሰው የለኝም ብሎ ማንን ቢልክ ጥሩ ነው? ያንኑ ክራባታም። እኔ ግን ከምርመራው በፊት ለማስረዳት፣ በምርመራው ጊዜ ደግሞ ከጋሽ መርፌ ጎን ዝም ብዬ ለመቀመጥ ተፈቀደልኝ። ዝም ማለት ለእኔ ምን ያህል ቅጣት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ያለፈውን ሳስረዳት ሐኪሟ ነገሩ ቶሎ ገባት። «እንግዲያው የአባባሎቹን በእናንተ ቋንቋ ያለውን አቻ ስጡኝ» አለች።

ቃል በቃል ቀደመኝ። «ለስፌቱ አለ» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። ክር አለበት፤ ልብስ ሰፊ ስለሆነ ይወደዋል።»

አምላኬ ሆይ፣ ትዕግሥት ስጠኝ አልኩ በልቤ። ክር ስላለበት! ያ ስለ መተባበር ነው የሚያወራው፤ ስለ መዘግየት አይደለም። በላይ መልኩ ብቻ አባባል የሚመርጥ ሰው፣ ሁለቱም ቀይ ናቸው ብሎ በቲማቲም ፋንታ በርበሬ የሚገዛ ነው።

«ክሩን እርሳው» አልኩት። «ስፌቱንም ዘጠኙንም እርሳ። ይህን አባባል እዚህ ሀገር ማን ለማን ነው የሚለው? መቼ?»

ሐኪሟ መለሰችለት። «እናቴ ትለኝ ነበር። የሚያፈስ ቧንቧ እያየሁ ነገ አሠራዋለሁ ስል። ትንሽ ሳለ ካልያዝሽው ይብስብሻል ለማለት። ቁጣም አለበት፣ ምክርም አለበት።»

«አሁን አንተ» አልኩት። «አማርኛ ተናጋሪ እናት፣ የሚያፈስ ቧንቧ እያየ ነገ ነገ ለሚል ልጇ ምን ትላለች?»

ክራባቱን ነካካ። ጣሪያውን አየ። ከዚያ፣ ክብር ለሚገባው ክብር፣ ከአፉ ወጣ። «ሳይቃጠል በቅጠል።»

መርፌ የለ፣ ክር የለ፣ ቁጥር የለ። እሳትና ቅጠል ነው ያለው። ግን በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ድምፅ፣ ለዚያው ዓይነት ሰነፍ ነው የሚባለው። አቻ ማለት ይህ ነው። ለወተቱማ ብዙም አልደከምንም፤ ካለፈ በኋላ ለሚንገበገብ ሰው «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» እንላለን፤ በዕድል እሱም የፈሰሰ ነገር ገጠመው። ሁልጊዜ እንዲህ አይገጥምም፤ ሳይገጥም ሲቀር ደግሞ አቻ የለውም ብሎ ሐሳቡን በግልጽ መናገር ነው እንጂ ከሌላ ቦታ ጎትቶ መለጠፍ አይደለም።

ሐኪሟ አንድ ነገር አሳሰባት። «በየቀኑ የሚሉት ከሆነ አስበው ሳይሆን ሸምድደው ሊመልሱልኝ ይችላሉ።»

«የእናንተም ሰው ስፌቱን በየቀኑ ይለዋል» አልኳት። «እኩል የታወቀ ይሁን፤ እንጂማ ሚዛኑ አንድ አይሆንም። ካጠራጠረሽ ከኑሯቸው ምሳሌ ጠይቂያቸው። ምሳሌ አይሸመደድም።»

ጋሽ መርፌ ገቡ። የሠርግ የሚመስል ኮት ለብሰዋል፤ ራሳቸው የሰፉት፣ ገበሩ ሳይቀር የተተኮሰ። የወንድማቸው ልጅ ውጭ እንዲጠብቅ ተነገረው። እየሳቀ እሺ አለ። ሽማግሌው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ያለፈው ጊዜ እውነቱን ተናግረው ነው እብድ የተባሉት፤ ዛሬ ምን መናገር እንዳለባቸው ጨንቋቸዋል።

ቀኑ ተጠየቀ፤ ከተማው ተጠየቀ። ከዚያ ሐኪሟ ጠየቀች፣ ቃል በቃልም በተስማማነው መሠረት ተረጎመ። «ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል ምን ማለት ነው?»

ጋሽ መርፌ ቀና ብለው አዩት። ወንበሩ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ። «ይቺን ለመጠየቅ ነው እዚህ ድረስ ያስመጣችሁኝ?» አሉ።

«እባክዎ ይንገሩኝ» አለች ሐኪሟ።

«ነገር ትንሽ ሳለ ነው የሚያዘው። እሳት ሲጀምር በቅጠል መትተህ ታጠፋዋለህ፤ ካደገ ወንዝ ብትገለብጥበት አይሰማህም።»

«ከራስዎ ኑሮ ምሳሌ ይሰጡኛል?»

መስኮቱን አዩ፤ በሩን አዩ። «የወንድሜ ልጅ የመጀመሪያዋን ቁልፍ ሲወስድ፣ የት ልትወስዳት ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አፈርኩ። ሁለተኛዋንም አፈርኩ። አሁን ቤቴ ውስጥ ውሃ ልጠጣ ስነሳ ወዴት ነው ይለኛል።»

ሐኪሟ መጻፏን አቆመች። በእነሱ ቋንቋ ይኸው ሐሳብ በስፌት እንደሚባል አስረዳቻቸው። ጋሽ መርፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «እና እኔ ያን ሁሉ ስለ ክር መቋጠር ያስተማርኩት ለዚህ ነው? ምነው ነገሩ ተረት ነው ቢሉኝ!» አሉና ወደ ቃል በቃል ዞሩ። በቁጣ አልነበረም፤ በዚህ ነው ያፈርኩለት። የሰፉት ልብስ ለደንበኛ ጠቦ ሲመለስባቸው ልብሱን የሚያዩበት ዓይነት እይታ ነበር።

«ባለፈው ስለ ውሃ ተናግረው ነበር» አለች ሐኪሟ።

ጋሽ መርፌ ደገሙት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። ቃል በቃል ጉሮሮውን ጠረገ። «ይህ አባባል ነው» አለ በእነሱ ቋንቋ፣ እያንዳንዷ ቃል እንደ ጥርስ እየተነቀለችበት። «ቃሉ ውሃ ይላል። የሚባለው ግን እየሳቀ ለሚጎዳ ሰው ነው። ባለፈው ይህን አልተናገርኩም።»

ሐኪሟ ወዲያው ገባት። «እኛም አለን» አለች። «የሚስም ከንፈር ጥርስ አለው እንላለን።» ከዚያ ባለፈው የተጻፈውን አንስታ አየችውና መልሳ ደፍታ አስቀመጠችው።

የወንድማቸው ልጅ ተጠርቶ ገባ። ሐኪሟ በአጭሩ ነገረችው፤ ቃል በቃልም ለጋሽ መርፌ በአማርኛ አሰማቸው። አጎትህ ጤነኛ ናቸው፤ ለራሳቸው ይወስናሉ፤ በስማቸው የሚፈርም ሰው አያስፈልጋቸውም ብዬ እጽፋለሁ። ልጁ ሳቀ። ልማድ ሆኖበት እንጂ የሚያስቅ ነገር አልነበረም። «ተመስገን» አለ፣ «እኔም ለእሱ ብዬ ነው።»

ጋሽ መርፌ ተነሡ። በሽምግልና ያለ ቁጣ ጮሆ አይሰማም። «ልጅ እንደሌለኝ ታውቃለህ» አሉት። «ቤቱን ለማን ልተወው ነበር? መኪናዋንስ? ካንተ ሌላ ማን ነበረኝ? የላይኛውን ክፍል ስሰጥህ ያኔውኑ ላወርስህ አስቤ ነበር።» እጃቸውን ዘረጉ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።»

ሐኪሟ ወደ ቃል በቃል ዞረች። «ምን አሉት?»

ቃል በቃል ተቁነጠነጠ፤ የተማረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፋበት። «አንዲት ሴት» አለ፣ «ከጣሪያ ሥር ካለ መደርደሪያ አንድ ነገር ለማውረድ ስትሞክር በብብቷ ሥር የያዘችውን...»

«የቷ ሴት?» አለች ሐኪሟ።

ቃል በቃል ቆይ ቆይ ብሎ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። የወንድማቸው ልጅ ግን ትርጉሙን አልጠበቀም። ሳቁ ከፊቱ ወርዶ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ከቀለበቱ እያወጣ በአጎቱ መዳፍ ላይ ያስቀምጥ ነበር።